ወር የሚያቋርጥ ኢንቮይስን በትክክል አክሩ ማድረግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለማቅለል አብዛኛው መልስ አንድ የመብራት ኢንቮይስ ይዞ ይሄዳል፤ ከወሩ 18 እስከ ቀጣዩ ወር 17 የሚቆጥር፣ በየወሩ በ22 የሚደርስ።

የኢንቮይሱ ጊዜ ሁለት ወር ውስጥ ከገባ ወጪው የየትኛው ወር ነው?

የሁለቱም ነው። መብራት በየቀኑ ይበራል፣ ወጪውም በየቀኑ ይፈጠራል። ከማርች 18 እስከ ኤፕሪል 17 ያለውን ኢንቮይስ እንውሰድ። በድምሩ 31 ቀን ነው። ከ18 እስከ 31 ያሉት 14 ቀናት የማርች ናቸው፣ ቀሪዎቹ 17 የኤፕሪል። ማርች ሲዘጋ የ14ቱ ቀን መብራት ጥቅም ላይ ውሏል። ኢንቮይሱ አልመጣም ማለት ዕዳው የለም ማለት አይደለም። አክሩ ማድረግ የሚባለውም ይኼው ነው፤ ኢንቮይስ ሳይጠብቁ የተጠቀሙበትን ያህል ወጪና ዕዳ መመዝገብ።

ስህተቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው የተሳሳተውን ቀን ከማንበብ ነው። አንድ ኢንቮይስ ላይ የተጻፈበት ቀን አለ፣ መከፈል ያለበት የመጨረሻ ቀን አለ፣ አገልግሎቱ የተሰጠበት ጊዜም አለ። ወጪውን ወደ ወር የሚመድበው ሦስተኛው ብቻ ነው። የሂሳብ ሶፍትዌሮች ግን ኢንቮይሱን ሲያስገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት የተጻፈበትን ቀን ስለሆነ፣ ዝም ብሎ የሞላ ሰው ኤፕሪል 22 የመጣውን በሙሉ ኤፕሪል ላይ ይጥለዋል።

ስንት ቀን አክሩ እንደማደርግ በምን አውቃለሁ?

አንድ ነገር ይያዙ፦ ሂሳብ ውስጥ የገባው የመጨረሻው ኢንቮይስ እስከ የትኛው ቀን ሸፍኗል? ይህን ቀን የሽፋን መጨረሻ እንበለው። ከዚያ ቀን ቀጥሎ እስከ ወሩ መጨረሻ ያለው በሙሉ አክሩ መደረግ አለበት። ማርች 31 ላይ የገባው የመጨረሻ ኢንቮይስ እስከ ማርች 17 ከሸፈነ፣ ያልተሸፈነው 14 ቀን ነው። ሌላ የሚታወስ ነገር የለም። ኢንቮይሱ በስንት ቀን እንደሚዘገይ፣ ክፍያው መቼ እንደሚፈጸም፣ ባለፈው ወር ስንት እንደተመዘገበ ለዚህ ቆጠራ አያስፈልግም።

ቆጠራው ላይ አንዲት ቀን ስትጠፋ ብዙ ጊዜ ይታያል። 31 ሲቀነስ 18 ብለው 13 የሚያገኙ ብዙ ናቸው፤ 18ኛው ቀን ራሱ ሳይቆጠር ቀረ ማለት ነው። ከመነሻው ቀን ከተነሱ አንድ መደመር አለብዎት። ከሽፋን መጨረሻ ከተነሱ ግን 31 ሲቀነስ 17 በቀጥታ 14 ይሰጣል። ስለዚህ ኤክሴል ላይ የሽፋን መጨረሻውን መያዝ ይሻላል። A2 የሽፋን መጨረሻ፣ B2 የወሩ የመጨረሻ ቀን፣ C2 የአንድ ቀን ወጪ ከሆነ፦

```
=(B2-A2)*C2
```

አንዳንድ አቅራቢ ደግሞ ጊዜውን በቆጣሪ ንባብ ቀን ይጽፋል። አንዱ ኢንቮይስ «ከማርች 18 እስከ ኤፕሪል 18» ካለ፣ ቀጣዩም «ከኤፕሪል 18» ብሎ ከጀመረ፣ ኤፕሪል 18 ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ቀኑ ግን አንድ ነው። ሁለት ተከታታይ ኢንቮይሶችን ጎን ለጎን አስቀምጠው የአንዱ መጨረሻና የሌላው መጀመሪያ ተመሳሳይ መሆኑን ይዩ። ተመሳሳይ ከሆነ ለአንዱ ብቻ ይቁጠሩት፣ በየወሩም በዚያው ይቀጥሉ።

ኢንቮይሱ ሳይመጣ የአንድ ቀን ወጪ ስንት ብዬ ልያዝ?

መነሻው ያለፈው ኢንቮይስ ነው፤ ግን ከታች ያለውን ጠቅላላ ድምር እንዳለ አይውሰዱ። ፌብሩዋሪ 28 ቀን በሆነበት ዓመት፣ ከፌብሩዋሪ 18 እስከ ማርች 17 ያለው ኢንቮይስ 9,100 ይላል እንበል። መስመሮቹን ሲያነቡ 700ው ካለፈው የተንከባለለ ውዝፍ ሆኖ ይገኛል። የዚህ ጊዜ ፍጆታ 8,400 ነው። ቀኑ ደግሞ 11 የፌብሩዋሪ፣ 17 የማርች፣ በድምሩ 28። 8,400 ለ28 ሲካፈል በቀን 300 ይሆናል። ውዝፉን ሳያወጡ ቢያካፍሉት 325 ያገኙ ነበር፤ ባለፈው የተመዘገበን ወጪ እንደገና ለወደፊቱ ማባዛት ማለት ነው። ቅጣት፣ የመቀጠያ ክፍያ፣ ተመላሽ ሂሳብም እንዲሁ ይወጣሉ። በየወሩ የማይደገም ነገር የቀን ወጪ ውስጥ አይገባም።

ፍጆታው የሚዋዥቅ ከሆነ ያለፈው ኢንቮይስ ብቻውን ያሳስታል። ማሽኖቹ ለሁለት ሳምንት ቆመው ከነበረ፣ ወይም ብርድና ሙቀት ፍጆታውን ከቀያየረው፣ ያለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር የተሻለ መነሻ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ግን በወሩ የመጨረሻ ቀን ቆጣሪውን ማንበብ ነው። ከዚህ ንባብ ላይ ኢንቮይሱ ላይ ያለውን የመጨረሻ ንባብ ቀንሰው በታሪፉ ያባዙት፣ ቋሚ ክፍያ ካለም የ14ቱን ቀን ድርሻ ይጨምሩ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ወጪው ትልቅ ከሆነ በጣም ያዋጣል።

በየወሩ ተመሳሳይ ገንዘብ ለሚያስከፍል አገልግሎት ደግሞ ሌላ ምርጫ አለ። ከ16 እስከ 15 ለሚቆጥር ቋሚ ክፍያ ግማሹን ለዚህ ወር፣ ግማሹን ለሚቀጥለው ማድረግ ይቻላል። በቀን ቢያካፍሉት ወሩ 30 ወይም 31 በመሆኑ ትንሽ ይለያያል፣ ያን ያህል ግን አይደለም። አንዱን መርጠው በዚያው ይጽኑ። በወር በወሩ ዘዴ መቀየር ከሁለቱም ዘዴዎች የባሰ ነው።

ምዝገባው እንዴት ነው የሚሠራው?

ማርች 31 ላይ 14 ቀን በ300፣ ማለትም 4,200 ይመዘገባል። የመብራት ወጪ ዴቢት፣ የተጠራቀመ ወጪ የሚባለው የዕዳ ሂሳብ ክሬዲት። ክሬዲቱን ከተለመደው የአቅራቢዎች ተከፋይ ሂሳብ ጋር አይቀላቅሉት። እዚያ የሚቀመጠው ኢንቮይስ የመጣለት ዕዳ ነው። ከተቀላቀለ አቅራቢው ከሚልክልዎት ስቴትመንት ጋር ሲያስታርቁ የሌለ ኢንቮይስ ሲፈልጉ ይውላሉ።

መግለጫው ላይ «የማርች መብራት አክሩዋል» ብሎ መተው አይበቃም። «መብራት፣ ከማርች 18 እስከ 31፣ 14 ቀን በ300፣ መነሻ እስከ ማርች 17 ያለው ኢንቮይስ» ብለው ይጻፉ። ከሦስት ወር በኋላ ኦዲተር ሲጠይቅ መልሱ እዚያው ይገኛል። ሥራውን የሚረከብ ሰውም ከየት እንደሚቀጥል ያውቃል።

ኢንቮይሱ ሲመጣ ወጪው ሁለት ጊዜ አይመዘገብም?

አክሩዋሉን ካልገለበጡት ይመዘገባል። የተለመደው አሠራር ኤፕሪል 1 ላይ ምዝገባውን መገልበጥ ነው፤ የተጠራቀመ ወጪ 4,200 ዴቢት፣ የመብራት ወጪ 4,200 ክሬዲት። ለጊዜው የኤፕሪል የመብራት ወጪ ከዜሮ በታች ይሆናል። አይደንግጡ፣ እንዲያ መሆን አለበት። ኤፕሪል 22 ኢንቮይሱ ሲመጣ ሳይከፋፈል በሙሉ ወደ መብራት ወጪ ይገባል። ምን ያህሉ የየትኛው ወር እንደሆነ ኢንቮይስ የሚያስገባው ሠራተኛ ማሰብ አይጠበቅበትም። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ይኼ ነው።

እስከ መጨረሻው እንከተለው። ኢንቮይሱ 9,765 ሆኖ መጣ። ለ31 ቀን ሲካፈል በቀን 315 ነው። ኤፕሪል 30 ላይ ደግሞ ከ18 እስከ 30 ያሉት 13 ቀናት በአዲሱ 315 አክሩ ይደረጋሉ፣ 4,095። ስለዚህ ኤፕሪል ላይ 4,200 ተቀንሶ፣ 9,765 ተጨምሮ፣ 4,095 ተጨምሮ 9,660 ይቀራል። 30 ቀን በ315 ቢባዛ 9,450 ነው። የ210 ልዩነት የመጣው ከማርች ግምት ነው፤ 14 ቀን በ15 ዝቅ ተደርጎ ተገምቶ ነበር።

የማይገለብጡ ድርጅቶችም አሉ። እነሱ የተጠራቀመው ሂሳብ ባላንስ በየወሩ መጨረሻ ስንት መሆን እንዳለበት አስልተው ልዩነቱን ብቻ ይመዘግባሉ። ፌብሩዋሪ መጨረሻ 11 ቀን በ300፣ 3,300 ነበር። ማርች መጨረሻ 4,200 መሆን አለበት። የሚመዘገበው 900 ነው። በማርች የመጣው ኢንቮይስ 8,400 ሲጨመር የወሩ ወጪ 9,300 ይሆናል፣ ልክ 31 ቀን በ300። ቢገለብጡም የሚያገኙት ይህንኑ ቁጥር ነው። ሁለቱም ዘዴ ይሠራል። የሚያጣላው ሁለቱን ማደባለቅ ነው፦ ሲስተሙ በራሱ ይገለብጣል፣ ሠራተኛው ደግሞ ኢንቮይሱን በተጠራቀመው ሂሳብ ላይ ያወራርዳል። ያኔ ዕዳው ሁለት ጊዜ ይወጣና ሂሳቡ ዴቢት ባላንስ ይዞ ይገኛል።

ግምቴ ከእውነተኛው ኢንቮይስ ከተለየ ማርችን ከፍቼ ላስተካክል?

በወርሃዊ ሪፖርት አይከፈትም። የ210ሩ ልዩነት ኤፕሪል ላይ ይዋጣል። ግምት አዲስ መረጃ ሲመጣ መስተካከሉ የታወቀ ነው፣ ማስተካከያውም የሚገባው መረጃው በመጣበት ወር ነው። አይኤኤስ 8 የሚባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃም የግምት ለውጥን ከስህተት ለይቶ ያየዋል። የግምት ለውጥ ወደ ኋላ አይመለስም። ስህተት ግን ሌላ ነው። እጅዎ ላይ የነበረውን ኢንቮይስ ሳያዩ ከቀሩ፣ ወይም 14 ቀን መሆን ያለበትን 41 ብለው ካባዙ፣ ያ ግምት አልነበረም። መጠኑ ትልቅ ከሆነ ያለፈውን ጊዜ ማረም ሊጠይቅ ይችላል።

የዓመት መዝጊያ ላይ መልሱ ይለወጣል። ማርች 31 የዓመቱ መጨረሻ ከሆነና የፋይናንስ ሪፖርቱ ገና ካልጸደቀ፣ ኤፕሪል 22 የመጣው ኢንቮይስ በዓመቱ መጨረሻ የነበረውን ዕዳ በትክክል ያሳያል። ስለዚህ ግምቱን በእውነተኛው ይተኩ፤ 4,200 መሆኑ ቀርቶ 14 ቀን በ315፣ 4,410 ይሆናል። ይህ አይኤኤስ 10 ውስጥ ያለው አሠራር ነው። ለ210 ብሎ ሪፖርት መቀየር ላያስፈልግ ይችላል፣ ከዓመት መዝጊያ በኋላ የሚደርሱትን ኢንቮይሶች አገላብጦ ማየት ግን ግዴታ ነው። ኦዲተሮች መጀመሪያ የሚጠይቁትም እነሱን ነው።

ልዩነቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ካደላ ግን ጉዳዩ ግምት መሆኑ ያበቃል። በተከታታይ ወራት ሁሌ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ወይ ታሪፉ ጨምሯል፣ ወይ የቀን ቆጠራው አንድ ቀን ይጎድለዋል።

በቅድሚያ ለሚመጣ ኢንቮይስስ?

ያው ስሌት ነው፣ አቅጣጫው ይገለበጣል። ከማርች 16 እስከ ጁን 15 የሚሸፍን የጥገና ውል በመጀመሪያው ቀን የ9,200 ኢንቮይስ መጣበት እንበል። ቀኑ 92 ነው፣ በቀን 100። ማርች 31 ላይ የማርች ወጪ 16 ቀን፣ 1,600 ነው። ቀሪው 7,600 ገና ያልተገኘ አገልግሎት ስለሆነ ቅድመ ክፍያ በሚባለው የንብረት ሂሳብ ውስጥ ይቆያል። ላይ ያለውን የኤክሴል ቀመር ቢጠቀሙ የሽፋን መጨረሻው ጁን 15 ስለሆነ ማርች 31 ሲቀነስ ጁን 15 ነጌቲቭ 76 ቀን ይሰጣል። ነጌቲቭ ሲመጣ አክሩዋል የለም፣ ያለው ቅድመ ክፍያ ነው። አንድ ሠንጠረዥ ለሁለቱም ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ያ በቅድሚያ መምጣት የነበረበት ኢንቮይስ ዘግይቶ ማርች 31 ድረስ ባይደርስስ? ሰው ውሉን ያውቃል፣ 9,200 እንደሚመጣም ያውቃል፣ ስለዚህ 9,200 አክሩ ያደርጋል። ትክክል አይደለም። እስከዚያ ቀን የተገኘው አገልግሎት የ16 ቀን ብቻ ነው። የሚመዘገበውም 1,600 ነው። አክሩዋል የሚከተለው የተገኘውን አገልግሎት እንጂ የሚጠበቀውን ሂሳብ አይደለም።

ኢንቮይሱ ግማሹ በቅድሚያ፣ ግማሹ ከአገልግሎት በኋላ ቢሆንስ?

የስልክና የኢንተርኔት ኢንቮይሶች ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው፣ ብዙ ሰው የሚስተውም እዚህ ነው። ማርች 18 የተጻፈ ኢንቮይስ ሁለት መስመር አለው እንበል። የመስመር ኪራይ 620፣ ከማርች 18 እስከ ኤፕሪል 17። የጥሪ ፍጆታ 1,400፣ ከፌብሩዋሪ 18 እስከ ማርች 17። ድምሩ 2,020 ነው፣ ድምሩ ላይ ግን የሚሠራ ስሌት የለም፤ ሁለቱ መስመሮች ሁለት የተለያዩ የሽፋን መጨረሻዎች አሏቸው።

ለየብቻ ይውሰዷቸው። ኪራዩ 31 ቀን ስለሆነ በቀን 20 ነው፤ እስከ ኤፕሪል 17 ተሸፍኗል። ማርች 31 ላይ 17 ቀን ቀድሞ ተከፍሏል፣ 340 ቅድመ ክፍያ። ፍጆታው 28 ቀን ስለሆነ በቀን 50 ነው፤ የተሸፈነው እስከ ማርች 17 ብቻ ነው። ከ18 እስከ 31 ያለው 14 ቀን፣ 700 አክሩ ይደረጋል። ከአንድ አቅራቢ በአንድ ቀን ንብረትም ዕዳም ይኖርዎታል። ሁለቱን አጣፍተው 360 ብለው አይመዝግቡ። አንዱ ከአቅራቢው የሚቀበሉት አገልግሎት ነው፣ ሌላው የሚከፍሉት ገንዘብ።

በሠንጠረዡ ላይ አቅራቢው ሁለት ረድፍ ይያዝ። አንድ ረድፍ ለአቅራቢ የሚል ደንብ ካለዎት ይተዉት፤ ትክክለኛው ደንብ አንድ ረድፍ ለአንድ ዓይነት የአገልግሎት ጊዜ ነው።

ያለፈው ጊዜ ኢንቮይስም ገና ካልመጣ?

ወር ሲዘጋ በጣም የሚረሳው ይህ ነው። ከፌብሩዋሪ 18 እስከ ማርች 17 ያለው ኢንቮይስ በ22 መምጣት ነበረበት፣ ማርች 31 ድረስ ግን የለም። እንደ ልማዱ 14 ቀን ብቻ አክሩ ካደረጉ 28 ቀን ሙሉ ይጠፋል። የሽፋን መጨረሻው ማርች 17 አይደለም፣ ወደ ፌብሩዋሪ 17 ይመለሳል። ከዚያ እስከ ማርች 31 ድረስ 42 ቀን ነው፣ በ300 ሲባዛ 12,600። «14 ቀን» የሚል ቋሚ ቁጥር ሠንጠረዥ ውስጥ ያስገባ ሰው ይህን አያይም። ቀኑን ከሽፋን መጨረሻ የሚያሰላ ግን ሳያስበው በትክክል ይወጣለታል።

የኢንቮይሱ አለመኖር ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው በእውነት አልደረሰም። ሁለተኛው ደርሷል ግን የሆነ ሰው ኢሜይል ውስጥ ፊርማ እየጠበቀ ነው። ለወጪው ልዩነት የለውም፤ በሁለቱም ሂሳብ ውስጥ አልገባም፣ ስለዚህ አክሩ ይደረጋል። አደጋው ሁለተኛው ላይ ነው። እርስዎ 42 ቀን አክሩ ካደረጉ በኋላ ፊርማው አልቆ ሠራተኛው ኢንቮይሱን በማርች ቀን ያስገባዋል፤ የ28ቱ ቀን ወጪ ድርብ ሆነ። ስለዚህ የማርች ኢንቮይስ ማስገቢያ የሚዘጋበትን ሰዓት አስቀድመው ይቁረጡ። አክሩዋል ከዚያ በኋላ ይሠራ። ከሰዓቱ በኋላ የመጣ ሁሉ በኤፕሪል ቀን ይገባል።

ቫትስ አብሮ አክሩ ይደረጋል?

ድርጅቱ የከፈለውን ቫት ማስመለስ የሚችል ከሆነ አይደረግም። ተመላሽ የሚሆን ቫት ወጪ አይደለም፣ በአብዛኛውም ለመጠየቅ ኢንቮይሱ በእጅ መኖር አለበት። ስለዚህ የቀን ወጪውን ሲያሰሉ ከቫት በፊት ያለውን መስመር ይውሰዱ። ማስመለስ የማይችል ድርጅት ግን ቫቱ ለእሱ የወጪው አካል ነው፤ ጨምሮ አክሩ ያድርግ።

ትንሽ ኢንቮይስ ከሆነ ብተወውስ? በዓመት ያው 12 ኢንቮይስ ይገባል።

አንዳንዴ መተው ይቻላል፣ ግን ምን እየተዉ እንደሆነ ይወቁ። አክሩዋል ባይሠሩ የማርች ወጪ የሚዛባው በ4,200 አይደለም። የፌብሩዋሪ መጨረሻው 3,300ም ስላልተመዘገበ የሚዛባው በልዩነቱ፣ በ900 ነው። በየወሩ ተመሳሳይ ለሆነ ክፍያ ይህ ልዩነት ወደ ዜሮ ይጠጋል። ባላንስ ሺት ላይ ግን የሚጎድለው ዕዳ ሙሉው 4,200 ነው። ለትርፍና ኪሳራ ኢምንት የሆነ ነገር ለዕዳ ዝርዝር ኢምንት ላይሆን ይችላል። በተለይ እንዲህ ዓይነት ትናንሽ ኢንቮይሶች 40 ከሆኑ ድምራቸውን ይዩ።

የ12 ኢንቮይሱ መከራከሪያ የሚሰበረው ውሉ በጀመረበት ዓመት ነው። አገልግሎቱ 12 ወር ተሰጥቶ የሚደርሰው ኢንቮይስ 11 ይሆናል። ዋጋ በጨመረበት፣ ቅርንጫፍ በተከፈተበት ወይም ውል በተቋረጠበት ወርም አይሠራም። ጥሩው መንገድ የገንዘብ ወለል ወስኖ በጽሑፍ ማስቀመጥ ነው፦ በወር ውስጥ ከዚህ በታች አክሩ አናደርግም፣ ዓመት ሲዘጋ ግን ሁሉንም እናያለን። ወለሉን የሚወስነው የድርጅቱ መጠን ስለሆነ ከሌላ ቦታ ቁጥር አይዋሱ።

የሠራሁት አክሩዋል ትክክል መሆኑን በምን አረጋግጣለሁ?

ሁለት ፍተሻ ይበቃል። የመጀመሪያው ለወጪው ነው። የወሩን ጠቅላላ የመብራት ወጪ ለወሩ ቀናት ያካፍሉት። ማርች 9,300 ለ31፣ በቀን 300። ኤፕሪል 9,660 ለ30፣ በቀን 322። 315 ሳይሆን 322 የሆነው ካለፈው ወር በመጣው 210 ነው፣ ምክንያቱ ይታወቃል። አንድ ወር ወደ ግማሽ ገደማ ከወረደ፣ ቀጣዩ ደግሞ ከተለመደው አንድ ተኩል ያህል ከሆነ፣ አክሩዋሉ ተገልብጧል ግን አልታደሰም ማለት ነው። ከፊቱ ያለው ወር ሳይወርድ አንድ ተኩል ኢንቮይስ ያህል የተቆለለበት ወር ካዩ ደግሞ መገልበጡ ተረስቷል።

ሁለተኛው ለዕዳው ነው። የተጠራቀመ ወጪ ሂሳቡን በአቅራቢ ይዘርዝሩና ለእያንዳንዱ የሽፋን መጨረሻ፣ ቀን እና የቀን ወጪ ይጻፉ። የዝርዝሩ ድምር ከሌጀሩ ባላንስ ጋር መግጠም አለበት። የማይገጥመው ብዙውን ጊዜ ከወራት በፊት የተመዘገበ፣ ኢንቮይሱ መጥቶ የተከፈለ፣ ግን ማንም ያልገለበጠው ገንዘብ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለው ባላንስ በየወሩ ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል። ቁጥሩ ለሁለት ወር ሳይለወጥ የቆየ መስመር ካለ መጀመሪያ እሱን ይጠይቁ፤ በቀን የሚቆጠር ዕዳ በፍጹም አንድ ዓይነት ሆኖ መቆየቱ እንግዳ ነገር ነው።

አቅራቢው ቆጣሪ ሳያነብ በግምት ኢንቮይስ ከላከስ?

ከባዱ ይህ ነው፣ ምክንያቱም የሽፋን መጨረሻው ተንቀሳቅሷል፣ ፍጆታው ግን አልተለካም። ከማርች 18 እስከ ኤፕሪል 17 በግምት 7,000 መጣ እንበል፣ ኢንቮይሱ ላይ ንባቡ ግምት መሆኑን የሚያሳይ ምልክት አለ። እንዳለ ቢወስዱት የቀን ወጪው ወደ 226 ገደማ ይወርዳል፣ የኤፕሪል አክሩዋልም አብሮት ይወርዳል። በኋላ እውነተኛ ንባብ ሲመጣ የተጠራቀመው ልዩነት ሁሉ አንድ ወር ላይ ይወድቃል። የዚያን ወር ሪፖርት የሚያነብ ሥራ አስኪያጅ ፍጆታ የጨመረ ይመስለዋል።

ኢንቮይሱን እንደመጣ ያስገቡት፣ ዕዳው ያ ነውና። የቀን ወጪውን ግን ከዚህ ኢንቮይስ አይውሰዱ፤ ቆጣሪ ተነብቦ ከመጣው የመጨረሻ ኢንቮይስ ይውሰዱ። ቆጣሪውን ራስዎ ካነበቡና ፍጆታው በእውነት ከተጠየቀው በላይ ከሆነ፣ ልዩነቱንም በአክሩዋሉ ላይ ይጨምሩት። አገልግሎቱን አግኝተዋል፣ ሂሳቡ ዘገየ እንጂ አልቀረም። ሠንጠረዡ ላይ ከሽፋን መጨረሻው ጎን ሌላ ዓምድ ይክፈቱና «መጨረሻ የተነበበው» የሚለውን ቀን ይያዙ። ሁለቱ ቀኖች ከሁለት ወር በላይ ከተራራቁ አቅራቢው መጥቶ እንዲያነብ መጠየቅ ይገባል።